የተበጠሰ የክሬን ገመድ፦ ስብራቱን ከጥገና ታሪኩና ከፍተሻ መዝገቡ ጋር አገናኝቶ መሰነድ

የክሬን ገመድ ሲበጠስ ሳይቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ጭነቱ ከብዶ ነው» የሚል ነው። ፍርዱ ለሁሉም ይመቻል፤ ጥፋቱ በዕለቱ ኦፕሬተር ላይ ያልቅና ሥራው ይቀጥላል። ከሰዓት በኋላ የተበጠሰው ገመድ በኦክስጅን ተቆርጦ ወደ ቁራሌው ይሄዳል፤ በማግስቱ አዲስ ገመድ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ምክንያቱን የሚናገር ነገር አይኖርም። ይህ መመሪያ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታትና በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ምን እንደሚያዝ፣ ምን እንደሚለካ፣ መዝገቡም እንዴት እንደሚነበብ ያሳያል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለዋለን፤ ምሳሌው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በሚሠራ ሕንፃ ላይ 25 ቶን የሚባል የመኪና ክሬን ጄኔሬተር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲያወጣ የማንሻ ገመዱ ተበጠሰ። ጄኔሬተሩ፣ መንጠቆውና ማሰሪያው በአንድ ላይ 8.3 ቶን ናቸው። ገመዱ 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ4 መስመር ታጥፎ ይሠራል። ሰው አልተጎዳም።

ከመነካቱ በፊት

ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነሳ፣ ከቡሙ ሥር ማንም አይግባ። ሰው ተጎድቶ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱ ነው፤ ቦታውም ፖሊስ ሳያየው አይነካም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚሰበሰበው ሁሉ አንድ ቀን ሌላ ሰው እንደሚያየው ታስቦ ይያዝ።

ሁለት ነገሮች በተለይ መጠበቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ድራሙ ነው። ኦፕሬተሮች ከደነገጡ በኋላ የተንዘላዘለውን ገመድ ለመሰብሰብ ድራሙን ያዞሩታል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ከድራሙ የወጣው ገመድ ርዝመት ስብራቱ በደረሰበት ቅጽበት መንጠቆው የት እንደነበረ ይናገራልና። ሁለተኛው የጭነት መቆጣጠሪያው ስክሪን ነው። የቡሙን ርዝመት፣ የቡሙን ማዕዘን፣ የመጨረሻውን ክብደትና ሰዓቱን የያዘውን ገጽ ኃይል ሳይቋረጥ ፎቶ አንሱ። አንዳንዱ መሣሪያ ሲጠፋ የመጨረሻውን ንባብ ያጠፋል።

እዚያው ላይ የስክሪኑን ሰዓት ከስልካችሁ ሰዓት ጋር አስተያዩና ልዩነቱን ጻፉ። ከቻይና የመጣ ክሬን ሰዓቱ ካልተስተካከለ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። በምሳሌያችን ስክሪኑ 20፡20 ይላል፤ ስልኩ 15፡20፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ «ከቀኑ 9፡20» ብሎ ቃሉን ይሰጣል። ሦስቱም አንድ ሰዓት ናቸው። ያን ቀን ካልተጻፈ ግን ከወር በኋላ የኢንሹራንስ ገምጋሚ «ሌሊት ነው የሠራችሁት?» ብሎ ይጠይቃል።

ፎቶው ከሩቅ ወደ ቅርብ ይሂድ፦ ክሬኑ ከአራቱም ጎን፣ ከዚያ ቡሙና የገመዱ አካሄድ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ፑሌጃ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ የተበጠሱ ጫፎች። በቅርብ በሚነሳው ፎቶ ሁሉ ሜትር ወይም ማስመሪያ ይግባ፤ መጠኑ የማይታወቅ ፎቶ ለክርክር እንጂ ለማስረጃ አይሆንም።

ጫፎቹ

ሁለቱ የተበጠሱ ጫፎች የጉዳዩ ልብ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አታድርጉ፤ ጫፍና ጫፉን አንድ ላይ አግጥማችሁ «እዚህ ጋ ነበር» አትበሉ። ሲነካኩ የሽቦዎቹ የስብራት ገጽ ይፋጫል፤ ልንመለከተው የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ ገጽ ነው። አትቦርሹት፣ በናፍጣም አትጠቡት። ግራሶውና ቆሻሻው ራሱ መረጃ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ ቅባት መኖሩን ወይም ውስጡ ደርቆ ቀይ ዱቄት መሙላቱን የምናውቀው ከዚያ ነው።

ከእያንዳንዱ ጫፍ ቢያንስ 1 ሜትር ገመድ ይቆረጣል። መቁረጫው ግራይንደር ይሁን፤ ኦክስጅን ሽቦውን አሙቆ ባሕርይውን ይለውጠዋል። ከመቁረጥ በፊት ግን የስብራቱን ቦታ ለክታችሁ ጨርሱ፤ እንዴት እንደሚለካ ቀጥሎ ይመጣል። የሚቆረጠው ቦታ ግራና ቀኙ በማሰሪያ ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፤ ካልታሰረ ገመዱ ይተረተርና የጉንጉኖቹ ቅደም ተከተል ይጠፋል። ከጤናማው ክፍልም 3 ሜትር ያህል ለጉተታ ሙከራ ይቀመጥ። ጫፎቹን «ሀ» (ከድራም በኩል) እና «ለ» (ከማሰሪያው በኩል) በሉ፤ ጤናማው ናሙና «ሐ» ይሁን።

በክረምት ባሕር ዳር ላይ እርጥብ ገመድ በፌስታል ጠቅልሎ መተው ናሙናውን እንደ መግደል ነው። በማግስቱ አዲስ ዝገት የስብራቱን ገጽ ሸፍኖት ታገኙታላችሁ፤ የቆየውን ዝገት ከአዲሱ መለየት አይቻልም። መጀመሪያ በጥላ ይድረቅ፣ በደረቅ ወረቀት ይጠቅለል፣ ከዚያ ከውሃ መሳቢያ ከረጢቶች ጋር (የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትንንሾቹ) በላስቲክ ይታሸግ። እሽጉ ላይ ቀን፣ የናሙናው ፊደልና የሁለት ሰው ፊርማ ይኑር። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የርክክብ ወረቀት ይሞላ፤ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢም ይሂድ ወደ አዲስ አበባ፣ ቤተ ሙከራው የተቀበለው ናሙና ከዚህ ክሬን መሆኑን የሚያረጋግጠው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ገመዱ የት ላይ ተበጠሰ?

«ቡሙ ጫፍ አካባቢ» የሚል ሪፖርት ዋጋ የለውም። ቦታው በሜትር ይነገር፤ ደግሞም ከሁለት አቅጣጫ ይለካ።

የመጀመሪያው ልኬት የሚጀምረው ገመዱ ቡሙ ጫፍ ላይ በሽብልቅ ከታሰረበት ነው። በምሳሌያችን ከማሰሪያው እስከ ጫፍ «ለ» 24.2 ሜትር ተገኘ። ገመዱ ከማሰሪያው ወደ መንጠቆ፣ ወደ ቡሙ ጫፍ፣ እንደገና ወደ መንጠቆ፣ ከዚያ በቡሙ ጫፍ ባለው መሪ ፑሌጃ በኩል ወደ ድራም ይሄዳል። አራት መስመር ነውና 24.2 ለ4 ሲካፈል 6 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም መንጠቆው ከቡሙ ጫፍ 6 ሜትር ዝቅ ብሎ ከነበረ ስብራቱ የደረሰው መሪው ፑሌጃ ላይ ነው ማለት ነው። ጄኔሬተሩ ሦስተኛው ፎቅ ወለል ጋ ደርሶ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ተናግረዋል፤ የቡሙ ርዝመትና ማዕዘን ከስክሪኑ ተወስዶ ሲሰላም መንጠቆው ከጫፉ 6 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር።

ሁለተኛው ልኬት ከድራሙ ነው። ገመዱ ድራሙን ከለቀቀበት እስከ ጫፍ «ሀ» 19.6 ሜትር ሆነ፤ ከድራሙ እስከ መሪው ፑሌጃ ያለው ርቀት ደግሞ 20 ሜትር ነው። ሁለቱ ልኬቶች ተስማሙ። ድራሙን አታዙሩ ያልነውም ለዚህ ነበር። ልዩነቱ ብዙ ሜትር ቢሆን ኖሮ ወይ ድራሙ ዞሯል፣ ወይ ገመዱ ሌላ ቦታ ተበጥሷል፤ ይህም ራሱ ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ወደዚያ ፑሌጃ ይኬዳል። በእጅ ሲዞር በነፃነት ይዞራል? በምሳሌያችን ኩሽኔታው ነክሶ አልዞርም አለ። ጎድጓዳውስ ምን ይመስላል? ለ16 ሚሊ ሜትር ገመድ የጎድጓዳው ስፋት ከ16.8 እስከ 17.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌለ በ17 ሚሊ ሜትር ክብ የተቆረጠ ጠንካራ ካርቶን በቂ ሐሳብ ይሰጣል። እዚህ ካርቶኑ አልገባም፤ ጎድጓዳው 15.4 ሆኖ ከታች የገመዱ ጥርስ ታትሞበታል። እንዲህ ያለ ፑሌጃ ገመዱን ከጎንና ከጎን ይቆነጥጠዋል፤ ባለመዞሩም በአንድ በኩል ይሞርደዋል።

ሽቦዎቹን ማንበብ

ገመዱ 6 ጉንጉን፣ በእያንዳንዱ ጉንጉን 36 ሽቦ፣ መሃሉ ላይም የብረት እምብርት አለው፤ ከእምብርቱ ውጪ 216 ሽቦ መሆኑ ነው። ጉንጉኖቹን ከ1 እስከ 6 በላስቲክ ምልክት ቁጥር ስጧቸው፤ ከዚያ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እያንዳንዱን ሽቦ ጫፉን እያያችሁ በሦስት መደብ ቁጠሩ።

ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የሚመስል፣ ሳይቀጥን የተሰበረ ሽቦ በድካም የሄደ ነው፤ በመተጣጠፍ ብዛት ቀስ ብሎ ተሰንጥቋል። ጫፉ እንደ እርሳስ የቀጠነና አንደኛው ወገን ጎድጎድ፣ ሌላው ሾጠጥ ያለ ከሆነ በጉተታ ተበጥሷል፤ የመጨረሻውን ሸክም የተሸከሙት እነዚህ ናቸው። በሰያፍ የተቆረጠው ደግሞ በመቆንጠጥ ወይም በጠርዝ የተሸለተ ነው። ጫፉ ቀልጦ እንደ ትንሽ ኳስ ከሆነ የብየዳ ብልጭታ አግኝቶታል ማለት ነው፤ ሲገኝ ወዲያው ይጻፍ፣ ጉዳዩ ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳልና።

የእኛ ቆጠራ 152 ቀጥ ያሉ፣ 48 የቀጠኑ፣ 16 በሰያፍ የተቆረጡ ወይም የማያስተማምኑ ነው። ከ152ቱ ብዙዎቹ ጫፋቸው ቡናማና ደብዛዛ ነው፤ ማለትም ከዚያ ቀን በፊት ተሰብረው ቆይተዋል። የቀጠኑት 48ቱ ግን ያበራሉ። የማያስተማምኑትን በግድ ወደ አንዱ መደብ አታስገቡ። «አልታወቀም» የሚል ዓምድ የሌለው ቆጠራ ሲታይ ያጠራጥራል።

ከስብራቱ ራቅ ብሎ ያለውም ገመድ ይቆጠር። በዓለም አቀፉ የክሬን ገመድ ፍተሻ መስፈርት፣ በአይ.ኤስ.ኦ 4309 መሠረት እንዲህ ያለ ገመድ (ጉንጉኑ በመስቀል የተጠመዘዘው፣ የማሽኑ የሥራ ደረጃ ዝቅተኛ ወይም ያልታወቀ ሲሆን) ፑሌጃ ላይ በሚሠራው ክፍል ከዲያሜትሩ 6 እጥፍ በሆነ ርዝመት ውስጥ 9፣ ወይም በ30 እጥፍ ውስጥ 18 የተሰበረ ሽቦ ከታየበት ይወገዳል። ለ16 ሚሊ ሜትር ገመድ ርዝመቶቹ 96 እና 480 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከጫፍ «ሀ» 3 ሜትር ርቆ በ480 ሚሊ ሜትር ውስጥ 31 ተቆጠረ። ስለዚህ የተበላሸው የተበጠሰበት ነጥብ ብቻ አልነበረም፤ ዙሪያው ሁሉ ከገደብ አልፎ ነበር።

ዲያሜትሩን ስትለኩ ካሊፐሩ የተቃራኒ ጉንጉኖችን ጀርባ ይያዝ፤ በጉንጉኖች መካከል ባለው ሸለቆ ከገባ ገመዱን ከሆነው ያሳንሰዋል። በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ፣ 90 ዲግሪ አዙራችሁ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከስብራቱ አጠገብ ያለው ገመድ ስለተፈታ አይለካም፤ ጥቂት ሜትር ራቁ። ንጽጽሩ ገመዱ ሲገባ ከተለካው ጋር ነው፤ አዲስ ገመድ ከስሙ ወፈር ብሎ ስለሚመጣ ስሙን መነሻ ማድረግ ያሳስታል። ሲገባ 16.4፣ አሁን 15.1፤ ልዩነቱ 1.3፤ ለ16 ሲካፈል 8.1 በመቶ። የብረት እምብርት ላለው ገመድ ገደቡ 7.5 በመቶ ነው።

መዝገቡን መክፈት

እስካሁን መዝገቡ አልተከፈተም፤ ሆን ተብሎ ነው። መዝገቡን ቀድሞ ያነበበ ሰው ብረቱ ላይ የሚያየው ያነበበውን ነው። የብረቱ ልኬት ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ የሚሰበሰቡት እነዚህ ናቸው፦ የገመዱ የፋብሪካ ሰርተፊኬት፣ ገመዱ የገባበት የሥራ ትእዛዝ፣ ወርሃዊ የፍተሻ ቅጾች፣ የኦፕሬተሩ ዕለታዊ መዝገብ፣ የሰዓት ቆጣሪው ንባብ፣ የስቶር ወጪ ወረቀቶችና የሠራተኛ መቆጣጠሪያ። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናው ይታይ፤ የብዕሩ ቀለምና ስርዝ ድልዙ የሚታየው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ቀኖቹን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡ። ሰርተፊኬቱ በፈረንጆች፣ የሳይቱ መዝገብ በእኛ፣ የስልኩ ፎቶ እንደገና በፈረንጆች ነው። መዝገቡ ላይ «12/02/2017» ብቻ ከተጻፈ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጆች ኦክቶበር 22 ቀን 2024 ይሆናል። ያንኑ ቁጥር እንደ ፈረንጅ ያነበበ ሰው ግን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የዘጠኝ ወር ገመድም አሮጌ ሆኖ ይታየዋል። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ጻፉ፤ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ።

ከዚያ የዲያሜትሩን ንባብ በወር በወር አሰልፉ። በምሳሌያችን ገመዱ ጥር 2016 ሲገባ 16.4፤ የካቲት 16.3፤ መጋቢት 16.2፤ ሚያዝያ 16.1 ይላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ በየወሩ 16.1፣ «የተሰበረ ሽቦ የለም»። በእነዚያ ወራት ሰዓት ቆጣሪው 740 ሰዓት ጨምሯል። አዲስ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ይቀጥንና ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ንባቡ አምስት ወር ሳይነቃነቅ ቆይቶ በመጨረሻ 15.1 ከተገኘ፣ የቀጠለው ልኬቱ ሳይሆን ቅጂው ሳይሆን አይቀርም። የመስከረሙ ቅጽ ቀኑ መስከረም 17 ነው። የመስቀል ዕለት ነው፤ የሠራተኛ መቆጣጠሪያውም ሳይቱ ዝግ እንደነበር ያሳያል።

ቅባቱም እንዲሁ ይጣራል። ፍተሻው ላይ «ግራሶ ተቀብቷል» የሚል ምልክት በየወሩ አለ፤ ከስቶር ግራሶ የወጣው ግን ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም ከግንቦት በፊት ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የወጪው ሞዴል 22 ይታያል፤ በግል ድርጅት የራሱ የወጪ ደረሰኝ። ክረምቱን ሙሉ ገመዱ በደረቁ ሠርቷል ማለት ነው፤ ውስጡ የተገኘው ቀይ ዱቄትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ስለ መሪው ፑሌጃም በሰኔ የኦፕሬተሩ ዕለታዊ መዝገብ ላይ «የቡም ፑሌጃ ይጮሃል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ለዚያ የተከፈተ የሥራ ትእዛዝ ግን የለም። ዕለታዊ መዝገብን ገጽ በገጽ ማንበብ አድካሚ ነው፤ ዋናው ነገር የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለች መስመር ውስጥ ነው።

የሌለ ቅጽ ሲያጋጥም ማንም «እናሟላው» እንዲል አትፍቀዱ። «የሐምሌ ቅጽ አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ጉድለት ነው፤ ከአደጋ በኋላ የተሞላ ቅጽ ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል።

«ጭነቱ ከብዶ ነው» የሚለውን መፈተሽ

ገመዱ በሰርተፊኬቱ 1770 የሚባለው ጥንካሬ ያለው ነው፤ አዲስ ሳለ ለመበጠስ ቢያንስ 161 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 16.4 ቶን ያህል ጉተታ ይፈልጋል። 8.3 ቶን በ4 መስመር ሲከፈል በአንዱ 2.1 ቶን ያህል ነው፤ በፑሌጃዎቹ ሰበቃ 2.3 እንበለው። ያ የአዲሱ ገመድ አቅም አንድ ሰባተኛ ነው። በፍሬን ንጠት ሸክሙ እጥፍ ሆኖ 4.6 ቶን ቢደርስ እንኳ ጤነኛ ገመድ አይበጥስም።

አሁን ከሽቦው ቆጠራ ጋር አያይዙት። እስከ መጨረሻው የያዙት 48ቱና ቢበዛ 16ቱ አጠራጣሪዎች ናቸው፤ ከ216 ውስጥ 64፣ ማለትም 30 በመቶ። የ16.4 ቶን 30 በመቶ 4.9 ቶን ነው። ይህ ግምት ነው፤ የእምብርቱን አስተዋጽኦ አልቆጠረም፣ ሽቦዎቹም ሸክሙን እኩል አይካፈሉም። ቢሆንም የቀረው አቅም ከንጠቱ ጋር ተቀራርቧል። የዕለቱ ጭነት የመጨረሻውን ክር በጠሰ፤ ገመዱን ያዳከመው ግን እሱ አይደለም። ጤነኛው ናሙና «ሐ» በቤተ ሙከራ ተጎትቶ 161 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ከያዘ ደግሞ «ገመዱ ከፋብሪካው ደካማ ነበር» የሚለውም ይወድቃል። ናሙናው ሥራ ላይ ብዙ ካልተጣጠፈ ክፍል፣ ለምሳሌ ድራሙ ላይ ከቀሩት የመጨረሻ ዙሮች፣ መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው።

ሪፖርቱን መጻፍ

የመጀመሪያው ቀን ሪፖርት አንድ ገጽ ይሁን፣ ምክንያት የሚል ቃልም አይኑርበት፦ ምን፣ መቼ (በሁለቱም ሰዓት አቆጣጠር)፣ የት፣ ምን ያህል ጭነት፣ ማን አየ፣ ምን ታሸገ። «ከመጠን በላይ በመጫኑ» የሚል ሐረግ ያን ቀን ከተጻፈ በኋላ ኢንሹራንሱም ሥራ አስኪያጁም እሱን ብቻ ነው የሚጠቅሱት።

ዋናው ሪፖርት በሁለት ዓምድ ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ በግራ የታየው ከፎቶ ወይም ከገጽ ቁጥሩ ጋር፣ በቀኝ ከዚያ የተወሰደው ግምት። «መሪው ፑሌጃ በእጅ አልዞረም፣ ፎቶ 41» ግራ ላይ ይገባል። «ፑሌጃው ከሰኔ ጀምሮ ነክሶ ነበር» ግን ቀኝ ላይ ነው፤ ያለን ማስረጃ አንድ የጩኸት መስመር ነውና፣ «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ይጻፍ። የምስክሮች ቃል በራሳቸው አነጋገር ይስፈር፤ «ጧ አለ» ያለውን «ድንገተኛ የመበጠስ ድምፅ ተሰማ» ብላችሁ አታሳምሩት።

ኦፕሬተሩ፣ መካኒኩና የደኅንነት ኃላፊው ይፈርሙ፤ የማይስማማ ካለ ተቃውሞውን ከፊርማው ጎን በራሱ እጅ ይጻፍ። ናሙናዎቹ፣ ነክሶ የቀረው ፑሌጃና ዋናዎቹ መዝገቦች የኢንሹራንሱም የሥራ ቁጥጥሩም ጉዳይ በጽሑፍ እስኪዘጋ ድረስ በአንድ ቁልፍ ሥር ይቆዩ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ስምም ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።